በጉልበት ኤምአርአይ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ምንድን ነው? የራዲዮሎጂ ሐኪም መልሶች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ውጤቴ «በውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ግሬድ 2 ሲግናል» ይላል። ተቀድዷል ማለት ነው?

መልስ፦ በዚህ አገላለጽ አልተቀደደም። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ትራስ ሆኖ የሚያገለግለው ሜኒስከስ ጤናማ ሲሆን በየትኛውም ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ ነጭ ነጥብ ሲኖር ግሬድ 1፣ ነጩ መስመር ሆኖ ጠርዙ ላይ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ግሬድ 2 ይባላል፤ በእርስዎ ዕድሜ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ መላላት ነው። ተቀድዷል ለማለት መስመሩ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ገጽ መንካት አለበት። በአንድ ምስል ላይ ብቻ ሲነካ ካየን «ሳይቀደድ አይቀርም» ብለን እናልፋለን፤ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ምስሎች ላይ ካየነው ግን በእርግጠኝነት እንጽፋለን። ስለዚህ ይህ ግኝት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም፤ የሕመምዎ ምንጭም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ነጭ የሆነው ሁሉ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ጉዳት አለ። ልክ አይደለሁም?

መልስ፦ በከፊል ልክ ነዎት። ኤምአርአይ ቲ1 እና ቲ2 የሚባሉ የተለያዩ የምስል ዓይነቶች አሉት፤ ፈሳሽ የሚደምቀው በቲ2 ምስሎች ላይ ነው፤ በቲ1 ላይ የሚደምቀው የመቅኒው ስብ ስለሆነ ፊልሙን ወደ መስኮት አንስቶ ነጭ ነገር መፈለግ ያሳስታል። ጤናማ ጅማትም ቢሆን ከማሽኑ ዋና መግነጢሳዊ መስክ ጋር 55 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል በአንዳንድ ምስሎች ላይ ይደምቃል፤ ድምቀቱ በቲ2 ላይ ከጠፋ ጉዳት አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ የሜኒስከስ ችግር የለብኝም። ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞሮ ወዲያው አበጠ፤ ራጅ ስብራት የለም አለ፣ ኤምአርአዩ ግን አጥንቱ ተቀጥቅጧል ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ፤ ራጅ በመቅኒ ውስጥ ያለውን እብጠት አያሳይም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅጥቀጣው ያለበት ቦታ ነው። ነጩ ጥላ በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ውጫዊ ጉብታ መካከልና በቅልጥም አጥንት የኋላ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ጉልበቱ ሲዞር ሁለቱ አጥንቶች ተጋጭተዋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤሲኤል የተባለው የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ የሚፈጠር ነው። ጤናማ ኤሲኤል ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ የተበጠሰው ክሮቹ ተቋርጠው ወይም ወደ ታች ተኝተው ይታያሉ። ሪፖርቱ ስለ ኤሲኤል ምንም ካላለ የአጥንት ሐኪሙ ምስሉን ራሱ እንዲያየውና ጉልበትዎን በእጁ እንዲፈትሽ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሜኒስከሴ ከተሰፋ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ነጩ መስመር ግን አልጠፋም። አልዳነም ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። በሚገባ የዳነ ስፌትም ለዓመታት ነጭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። መስመሩ በቲ2 ላይ እንደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ የሚደምቅ ከሆነ ዳግም መቀደዱን እጠረጥራለሁ፤ ከዚያ ከደበዘዘ ግን በመካከል ያለ፣ እኛም የምንለያይበት ጉዳይ ነው። ጉልበትዎ ይቆለፋል ወይስ ሕመም የለዎትም? ያንን ሳላውቅ ከምስሉ ብቻ አልፈርድም።