የአገር ውስጥ ሕግ እንዴት ዓለም አቀፍ ምንጭ ይሆናል?

«ባሕር ዳር ለሙት ኮርት የልምምድ ክርክር እየተዘጋጀን ነው። የኛን ንግድ ሕግ ብቻ ጠቅሼ በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 38(1)(ሐ) 'አጠቃላይ የሕግ መርህ ነው' ብል ይበቃኛል?»

አይበቃም፣ ዳኞቹ መጀመሪያ የሚመቱህ እዚያ ላይ ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በባርሴሎና ትራክሽን ኩባንያ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ (እ.ኤ.አ. 1970) አንብብ። ኩባንያው በካናዳ ሕግ የተቋቋመ፣ ሥራው ስፔን ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ከሰረ ተባለ። ቤልጂየም ለዜጎቿ ባለአክሲዮኖች ብላ ስፔንን ከሰሰች።

ፍርድ ቤቱ የአንድን አገር ሕግ አልተበደረም፤ አክሲዮን ማኅበርን የሚያውቁ የሕግ ሥርዓቶች በጥቅሉ የተቀበሉትን ደንብ እንጂ። ጣና ላይ ጀልባ ያለው አክሲዮን ማኅበር ጀልባው ቢወሰድበት የሚከሰው ማኅበሩ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ኪሱ ቢጎዳም መብቱ አልተነካም። የትርፍ ድርሻ ወይም በጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብቱ በቀጥታ ቢነካ ግን ሌላ ነው። ቤልጂየም በ15 ለ1 ተረታች።

ስለዚህ ከእኛ ሕግ ጋር የፈረንሳይን፣ የእንግሊዝን፣ ቢቻል የእስያ አገርም ጨምር፤ የአንቀጾቹን ቃል ሳይሆን የጋራ ፍሬ ነገራቸውን አውጣ። ቀጥሎ በመንግሥታት መካከል መሥራቱን አሳይ። ብዙ ተማሪ ይህን ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ፣ ማንኛውም የማኅበረሰብ አባል ለሕዝብ ጥቅም የመክሰስ መብት በአንዳንድ አገሮች ቢታወቅም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።