ባዳ ቢሆን በስንት ይሸጥልህ ነበር? የትራንስፈር ፕራይሲንግ ጥያቄና መልስ

እስከ 3 ሰዓት አለሁ። ትራንስፈር ፕራይሲንግ ማለት ዝምድና ያላቸው ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲሸጣጡ የሚያወጡት ዋጋ ነው፣ ታክስ ሰብሳቢው ዋጋው ባዳ ከባዳ እንደሚገበያየው መሆኑን ያያል። ስለ ማርጂን ማስተካከያ ጠይቁኝ፣ ሌላው የታክስ ጣጣ ለሌላ ቀን ይሁን። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ፐርሰንት ስትጠሩ ከምን ላይ እንደሆነ ንገሩኝ። ከሽያጭ ነው? ከወጪ ነው? ካልነገራችሁኝ አልመልስም።

«ጋሼ፣ ዱባይ ካለው እህት ኩባንያችን የህክምና እቃ እናስመጣለን። የገቢዎች ኦዲተር መጥቶ ማርጂናችሁ ትንሽ ነው፣ ትርፋችሁ ላይ 3 ሚሊዮን እንጨምራለን አለን። ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

በቀላል ቁጥር እናየዋለን እህቴ። ዓመቱን በሙሉ 100 ሚሊዮን ብር ሸጣችሁ እንበል። ለዱባይ የከፈላችሁት የእቃ ዋጋ 88 ሚሊዮን፣ ኪራይና ደሞዝ ምናምን 11 ሚሊዮን፣ የቀራችሁ 1 ሚሊዮን፣ ማለትም ከሽያጭ 1 ፐርሰንት። አሁን ጥያቄው አንድ ነው፦ ዱባይ ያለው ሻጭ ባዳ ቢሆን ኖሮ፣ እናንተም እዚህ ሱቅ ከፍታችሁ ሰራተኛ ቀጥራችሁ ስትሸጡ፣ 1 ሳንቲም ከመቶው ቀርቶልን ይበቃናል ትሉ ነበር ወይ? ይህን ለማወቅ ተመሳሳይ ስራ የሚሰሩ፣ ከማንም ጋር ዝምድና የሌላቸው አከፋፋዮች ይፈለጋሉ። አምስት ተገኙ እንበል፣ ከሽያጭ ላይ ያላቸው ኦፕሬቲንግ ማርጂን፣ ማለትም የእቃና የስራ ወጪ ተቀንሶ የሚቀራቸው ትርፍ በፐርሰንት፣ 2.4፣ 3.1፣ 4.0፣ 4.8 እና 6.2። ኤክሴል ላይ ከB2 እስከ B6 አስገቢውና ይህን ጻፊ፦

```
=QUARTILE.INC(B2:B6,1)
=MEDIAN(B2:B6)
=QUARTILE.INC(B2:B6,3)
```

የታችኛውን ሩብ 3.1፣ መሃሉን 4.0 እና የላይኛውን ሩብ 4.8 ይሰጥሻል። ተቀባይነት ያለው ክልል ከ3.1 እስከ 4.8 ሆነ ማለት ነው፣ የእናንተ 1 ከዚያ ውጪ ነው። ስለዚህ ወደ መሃሉ፣ ወደ 4 ይጎትቱታል። ከ100 ሚሊዮን 4 ሚሊዮን ማትረፍ ነበረባችሁ፣ ያተረፋችሁት 1 ነው፣ ልዩነቱ 3 ሚሊዮን። በ30 ፐርሰንት ሲታሰብ 900 ሺህ ብር ታክስ፣ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር። በዋጋ ስትተረጉሚው ዱባይ እቃውን በ88 ሳይሆን በ85 ሚሊዮን መሸጥ ነበረበት ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ሁልጊዜ ስሩት፣ ምክንያቱም ማርጂን የሚባለው መለኪያ ነው እንጂ የሚስተካከለው ዋጋው ነው።

«አማካኙ አይሻልም? አማካኙ 4.1 ነው የሚመጣው።»

አይሻልም። አንዱ ያለልክ ያተረፈ ካለ አማካኙን ይዞት ይሄዳል።

«ለምን መሃል? ክልሉ ውስጥ መግባት ከበቃ እኮ 3.1 ላይ ማቆም ይቻላል፣ 2.1 ሚሊዮን ብቻ ይጨመራል።»

ይሄ ጥሩ ክርክር ነው፣ የበለጸጉ አገሮች ማህበር የሆነው የኦኢሲዲ መመሪያም በሩን አይዘጋውም። የተገኙት አከፋፋዮች በደንብ የሚመሳሰሉና መረጃቸው የሚታመን ከሆነ ክልሉ ውስጥ ያለ የትኛውም ነጥብ ያስኬዳል ይላል፣ ግን ጉድለት ካለባቸው ወደ መሃል ጠጋ ማለት ነው የሚመክረው። ችግሩ እኛ አገር ማን ጋር ነው የምትነጻጸረው? የአገር ውስጥ አከፋፋይ ሒሳብ በይፋ አይወጣ፣ ከአውሮፓ ዳታቤዝ የተቀዳ ፖላንድ ያለ አከፋፋይ ነው የሚቀርብልህ። እንዲህ ያለ ንጽጽር ይዘህ ዝቅተኛው ጫፍ ይበቃኛል ማለት ይከብዳል። ዓመቱን በ3.3 ብትዘጋ ኖሮ ግን ማንም ወደ 4 ሊጎትትህ አይገባም ነበር፣ ክልሉ ውስጥ ነህ።

«እኛ ሐዋሳ ነን፣ ጨርቅ ሰፍተን ለእናት ኩባንያ እንልካለን። የኛ 4 ፐርሰንት ነው፣ ትክክል ነው?»

ከምን ላይ?

«4 ፐርሰንት ነዋ። ውሉ ላይ ተጽፏል።»

ወንድሜ መጀመሪያ ምን አልኩ? ውሉ ከወጪ ላይ ከሆነ ሚለው፣ 50 ሚሊዮን አውጥታችሁ 52 ትጠይቃላችሁ፣ ከሽያጭ ስታሰላው 3.85 ነው የሚመጣው። ከላይ ካለው የአከፋፋይ 4 ጋር አንድ አይደለም፣ ስራውም አይገናኝም። ልብስ ከሚሰፉ ባዳ ድርጅቶች ጋር ንጽጽር ፈልግ።

«አስመጪ ነኝ። ጉምሩክ ዋጋ አሳንሰሃል ብሎ ከፍ ያደርግብኛል፣ ገቢዎች ዋጋ አስወድደሃል ይለኛል። አንድ እቃ እንዴት ርካሽም ውድም ይሆናል?»

ይሆናል። ጉምሩክ የሚያየው እያንዳንዱን ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ጭነት ሰነድ ነው፣ ገቢ ግብር የሚያየው የዓመቱን ትርፍ።

«ጋሼ እዚህ ላይ ተሳስተዋል፣ ጉምሩክ የተቀበለውን ዋጋ ገቢዎች መካድ አይችሉም። እኔ ትራንዚተር ነኝ፣ 14 ዓመት ሰርቻለሁ።»

ስራህን አከብራለሁ፣ ግን ጉምሩክ ተቀበለው ማለት በባዳ ዋጋ ነው ብሎ መረመረው ማለት አይደለም። ክርክር ላይ እንደ ማስረጃ ይቀርባል፣ ብቻውን ግን አያድንም።

«አያድንም ካሉ እኛ ጋ አድኗል፣ አንድ ደንበኛዬ በዚሁ ነው የተለቀቀው።»

«የተለቀቀው በዚያ ሳይሆን ኦዲተሩ ስለተቀየረ ቢሆንስ 😂»

«ማን አለህ? ፋይሉ እኔ ጋ ነው ያለው!»

እሱን በውስጥ መስመር ጨርሱት። ለአስመጪው ልመለስ፣ ትልቁ ራስ ምታት ሌላ ነው። ሰኔ 30 ሲደርስ ዋጋው በ3 ሚሊዮን ይቀነስ ብላችሁ ከዱባይ ክሬዲት ኖት ብታመጡ፣ በ88 ሚሊዮን ላይ የከፈላችሁት ቀረጥ ተመልሶ ይመጣል ብላችሁ በጀት እንዳትይዙበት። ስለዚህ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ በየሩብ ዓመቱ ማርጂኑን እዩና የሚቀጥለውን ኢንቮይስ ዋጋ አስተካክሉ።

«ብሩ ሲወድቅ ነው የከሰርነው እንጂ ዋጋ አስወድደን አይደለም። ይሄን ኦዲተሩ ለምን አይረዳም?»

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። በዱቤ በ57 የገዛኸውን እቃ በ100 ስትከፍል ልዩነቱ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። በላይኛው ምሳሌ ከ11 ሚሊዮኑ ወጪ ውስጥ 2ቱ የምንዛሪ ኪሳራ ነው እንበል። ፖላንድ ያለው አከፋፋይ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰበትም፣ ስለዚህ ለንጽጽር 2ቱን አውጣው፣ ትርፍህ 3 ሚሊዮን ይሆናል፣ 3 ፐርሰንት። አሁንም ከ3.1 በታች ነህ፣ ግን ወደ 4 የሚጎድልህ 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። የምንዛሪ ኪሳራው እንዳለ ተቀንሶ ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ 2 ሚሊዮን ይሆናል ማለት ነው፣ 4 አይደለም።

ኦዲተሩ ግን ዝም አይልም፦ «እናንተ እኮ በውሉ ላይ አደጋ የማንሸከም ተራ አከፋፋይ ነን ብላችኋል፣ ባዳ አከፋፋይ ይህን ኪሳራ ለሻጩ ይመልሰው ነበር፣ ዱባይ ይሸከመው» ይላል። ትክክል ከሆነ 4ቱ ሚሊዮን ይቆማል። ስለዚህ የምንዛሪውን አደጋ ማን እንደሚሸከም ብሩ ከመውደቁ በፊት ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? በተግባርስ ያ ወገን ነው የሚወስነው? እኔ ውሎቹን ሳያቸው አብዛኞቹ ስለዚህ ዝም ያሉ ናቸው። ዝም ያለ ውል ላይ ማን እንደሚረታ እኔም ቃል አልገባም።

«የአጎቴ ልጅ ሱቅ አለው፣ እቃ በቅናሽ ይሰጠኛል፣ እኔንም ይመለከተኛል?»

የሱቅ ቅናሽ አልጠየቅንም ዛሬ።

«ጋሼ፣ እዚህ 3 ሚሊዮን ከጨመሩብን ዱባይ ያለው በዚያው 3 ሚሊዮን ላይ ታክስ ከፍሎበታል እኮ። ሁለት ጊዜ ነው?»

አዎ፣ ዱባይ ውስጥ ነገሩ ካልተስተካከለ ሁለት ጊዜ ነው። ከሰኔ 2023 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ በሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት እዚያም የኩባንያ ታክስ አለ፣ 9 ፐርሰንት፣ ፍሪ ዞን ያሉት ግን ቅድመ ሁኔታውን ካሟሉ 0። በሁለቱ አገሮች መካከል የታክስ ስምምነት ካለ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሁለተኛው ክፍል ሌላኛው አገር ተመጣጣኝ ቅናሽ እንዲያደርግ ይላል፣ ግን ሂደቱን እህት ኩባንያችሁ እዚያ መጀመር አለባት፣ እዚህ ያለ ኦዲተር አያደርግላችሁም።

«ጋሼ ማርጂኑ ስንት መሆን አለበት በአጭሩ?»

ከምን ላይ?