ከሥልጠና ክፍሉ ወደ ግቢው፦ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ስለሚሰጥ የቡድን ማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና ጥያቄና መልስ

ከ6 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ላላቸውና ቢያንስ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ለሚናገሩ ልጆች የቡድን ሥልጠና እመራለሁ። የምመልሰውም በዚሁ ዕድሜና በዚሁ የንግግር ደረጃ ላይ ስላሉ ልጆች ነው።

ጥያቄ (እናት፣ አዲስ አበባ)፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። በሥልጠናው ጎበዝ ነው ይሉኛል፤ ሲጠይቁት ሁሉንም ይመልሳል። የግቢያችን ልጆች ሲጫወቱ ግን ወይ አጥር ጥግ ቆሞ ያያል፣ ወይ ሮጦ ገብቶ ኳሳቸውን ይዞ ይሄዳል። ምን ጎደለን?

መልስ፦ ልጅዎ ክህሎቱን ያውቀዋል፤ በሚያስፈልገው ቦታ ግን አይጠቀምበትም። ይህ የእርስዎ ልጅ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንዳሳየው፣ ከእንዲህ ዓይነት ሥልጠና በኋላ ልጆቹ ራሳቸው በዋናነት የሚናገሩት እውቀታቸው እንደጨመረ እንጂ አዘውትረው እንደሚተገብሩት አይደለም፤ በመምህራን ዘገባ ደግሞ ለውጡ አልታየም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለቱን ቦታዎች ማነጻጸር ይበቃል። በሥልጠናው ክፍል አሠልጣኙ አጠገቡ አለ፣ ልጆቹ እንዲቀበሉት ተነግሯቸዋል፣ ጨዋታውም እርሱን ይጠብቃል። በግቢው ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በፊት ልጆቹ ሲጫወቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት ለሩብ ሰዓት ያህል ይመልከቱና ምን እንደሚጫወቱ፣ ጨዋታው መቼ መቼ ጋብ እንደሚል፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚገባ ጽፈው ለአሠልጣኙ ይውሰዱ። አንድ ልጅ በሥልጠና ላይ «እባካችሁ፣ ከእናንተ ጋር መጫወት እችላለሁ?» እንዲል ተምሮ ግቢው ውስጥ ሲናገረው ልጆቹ ሲስቁበት አይቻለሁ። የሰፈር ልጅ «አስገቡኝ» ነው የሚለው። ክፍሉ ውስጥ የሚለማመደው ቃልም ይኸው መሆን አለበት።

ጥያቄ (ጀማሪ አሠልጣኝ)፦ አንዱን ክፍለ ጊዜ እንዴት ነው የምታቅዱት? እኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰላምታ፣ ተራ መጠበቅ፣ ስሜት መለየትና ዕቃ መጋራት እናስተምራለን፤ ልጆቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስታውሱት የለም።

መልስ፦ ከአራቱ አንዱን መርጠው ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት በዚያው ላይ ይቆዩ። እኔ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ልጆችንና ሁለት አዋቂዎችን ይዤ 75 ደቂቃ እሠራለሁ፤ ከአዋቂዎቹ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከልጆቹ ጀርባ ሆኖ ያግዛል። የእናቲቱን ልጅ ጉዳይ ወስደን «ጨዋታ ውስጥ መግባት»ን እናቅድ።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያለፈው ሳምንት የቤት ልምምድ የሚነገርባቸው ናቸው። ይህን በጊዜ እጥረት የሚዘል አሠልጣኝ የቤቱ ልምምድ እንደማይፈለግ ለወላጅ እየነገረ ነው። ቀጥሎ ሁለቱ አዋቂዎች ድርጊቱን ሠርተው ያሳያሉ፤ መጀመሪያ በተሳሳተው መንገድ፣ ማለትም ሮጦ ገብቶ ኳስ በመንጠቅ፣ ከዚያም በትክክለኛው። በሁለቱ መካከል «ልጆቹ ምን ተሰማቸው?» ብለን እንጠይቃለን። እርምጃዎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ቆም ብሎ ጨዋታውን ማየት፣ ቀረብ ማለት፣ ጋብ ሲል መጠየቅ፣ እምቢ ከተባለ መሄድ። በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ።

ልምምዱ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የምጀምረው በሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ተራው በዓይን ስለሚታይ፣ መስመር የረገጠ ልጅ ሲወጣም ጨዋታው ስለሚቆም፣ «ጋብ ያለበት ጊዜ» የቱ እንደሆነ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ኳስ ከዚህ በጣም ይከብዳል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። ሁሉም ልጅ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራል፤ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ «አይ፣ ሞልቷል» የሚባልበት መሆን አለበት። በግቢው ውስጥ እምቢታ የማይቀር ነውና፣ ሁልጊዜ «እሺ» እየተባለ የተለማመደ ልጅ የመጀመሪያው «አይ» ሲገጥመው ያለቅሳል ወይም ይመታል።

ከዚያ በኋላ ለ20 ደቂቃ ልጆቹ የፈለጉትን ይጫወታሉ፤ አዋቂዎቹ ምንም ሳይናገሩ ይመለከታሉ፣ ማን በራሱ ጠይቆ እንደገባም ይመዘግባሉ። ክህሎቱ መያዝ አለመያዙን የሚነግረን ይህ ሰዓት እንጂ ልምምዱ አይደለም። የቀሩት 10 ደቂቃዎች የወላጆች ናቸው፤ ልጁ የተማረውን በወላጁ ፊት አንድ ጊዜ ይሠራዋል፣ የሳምንቱ የቤት ልምምድም ተጽፎ ይሰጣል። ለታዳጊዎች የተዘጋጀውና በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ፒርስ» የተባለው ፕሮግራም ለወላጆች በዚያው ሰዓት የራሳቸውን ቡድን ያዘጋጅላቸዋል። አዋቂ የማያንሰው ማዕከል ይህን ቢከተል ይሻላል።

ጥያቄ (የአንደኛ ደረጃ መምህር)፦ ነገሩን አታክብዱት። እኔ ክፍል ውስጥ ልጁ በትክክል በጠየቀ ቁጥር ከረሜላ እሰጠዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ለመደው። ወላጆችም እንዲሁ ያድርጉ።

መልስ፦ መምህር፣ ሽልማት ልምምዱን ያስጀምራል ያሉት ትክክል ነው፤ በተለይ መጠየቁ የሚያስፈራው ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጁ «አስገቡኝ» ካለ በኋላ ወዴት እንደሚያይ ልብ ይበሉ። ወደ እርስዎ ዞሮ እጁን ከዘረጋ የተማረው ከረሜላ መቀበልን ነው፤ ጓደኞቹ ቦታ ሲለቁለት እርሱ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ እርስዎ ይመጣል። መጠየቁ ያመጣለት ዋናው ነገር ወዲያውኑ መጫወት መሆን አለበት። ስለዚህ ልጁ በእውነት የሚወደውን ጨዋታ ይምረጡ፣ ከረሜላውንም ከጨዋታው በኋላ አድርገው ቀስ በቀስ ያስቀሩት። ጨዋታውን ካልወደደው ከረሜላ ቢጨመርለትም ክህሎቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ (ያችው እናት)፦ እሺ፣ ጻፍኩ። ግን ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ታላቅ እህቱ 11 ዓመቷ ነው። እኔ ከሥራ የምመለሰው ሲመሽ ነው።

መልስ፦ እህቱ ካለች ብዙው ቀለለ። በመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱ ቤት ውስጥ፣ ከእህቱና ከእርስዎ ጋር፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ይሁን። እርስዎና እህቱ ካርታ ይጀምሩ፤ እርሱ አይቶ፣ ቀረብ ብሎ፣ «አስገቡኝ» ይበል። በሁለተኛው ሳምንት እህቱ አንድ ጓደኛዋን ትጨምር፣ ቦታውም በረንዳ ወይም ደጃፍ ይሁን። በሦስተኛው፣ እረፍት በሆነበት ቀን፣ ወደ ግቢው ይውረዱ፤ መጀመሪያ ሁለት ልጆች ብቻ ባሉበት ሰዓት። ሰውን፣ ቦታንና ጨዋታን በአንድ ጊዜ አይለውጡ።

የባህርይ ተመራማሪዎቹ ትሬቨር ስቶክስና ዶናልድ ቤር እ.ኤ.አ. በ1977 በጻፉት ጽሑፍ፣ አሠልጥኖ «ይተላለፋል» ብሎ ተስፋ ማድረግ ብዙ ሰው የሚከተለው፣ ነገር ግን የማይበቃ መንገድ መሆኑን አሳይተዋል። ክህሎቱን በተለያዩ ሰዎችና በተለያዩ ቦታዎች ሆን ብሎ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ልጁን ማስታወስ ሲያስፈልግ በቃል ከመናገርዎ በፊት እስከ አምስት በልብዎ ይቁጠሩ፤ ካልጀመረ ወደ ጨዋታው በጣትዎ ያሳዩት፤ ካልሆነ ብቻ ቃሉን ይንገሩት። በየጊዜው «ጠይቃቸው!» እያሉ የሚያስታውሱት ልጅ እርስዎ ካልተናገሩ አይጠይቅም። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉና ሦስት ምልክት ብቻ ይጠቀሙ፦ በራሱ፣ በጣት ምልክት፣ በቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ «በቃል» የሚለው ካልቀነሰ እርምጃው ፈጥኗልና ወደ ኋላ ይመለሱ።

ጥያቄ (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቡድን አለው፣ በእንግሊዝኛ ነው። ቤት አማርኛ ነው የምናወራው። ግራ እንዳይገባው አማርኛውን እናቁም?

መልስ፦ አያቁሙ፣ ወንድሜ። ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ሁለት ቋንቋ በመስማታቸው ቋንቋቸው እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም፤ ቤተሰቡ በሚገባ በሚችለው ቋንቋ ሲያወራው ደግሞ የሚሰማው ንግግር የተሟላ ይሆናል። ትምህርት ቤቱን «በዚህ ወር የምታሠሩት አንድ ክህሎት የቱ ነው? እርምጃዎቹንስ ላኩልኝ» ይበሉ፤ ሥዕሎቹ ሳይለወጡ ቃሉን ብቻ በአማርኛ ይተኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከሌሎች የሀበሻ ልጆች ጋር ሲገናኝ የሚያስፈልገው አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ፣ ወይም ሁለቱም እየተቀላቀሉ፣ ልጆቹን ሰምተው ይወስኑ።

ጥያቄ (አያት፣ ጎንደር)፦ የልጄ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ስሞ ሰላም አይልም፤ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል። ሥልጠናው ይህን ያስተካክልልኛል?

መልስ፦ እማማ፣ እኛ ከላይ የተወያየነው ስለ ጨዋታ ነው፤ ሆኖም ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጆሮውን ይዞ የሚሸሽ ልጅ ድምፁ፣ የሽቶው ሽታ ወይም የሰው ጉንጭ ሲነካው እየረበሸው ሊሆን ይችላል። መሳምን እንዲታገሥ አላሠለጥነውም። እጅ መስጠት፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ወይም «ደህና ዋላችሁ» ማለት፣ እርሱ የሚችለውን አንዱን እናስተምረዋለን። እንግዳውን «እጅ ብቻ ይሰጣል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ጥያቄ (ኦቲዝም ያለበት ወጣት)፦ እኔ በልጅነቴ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ወስጃለሁ። የተማርኩት ራሴን መደበቅ ነው፤ ማታ ቤት ስገባ እዝላለሁ። ለምን እኛ ብቻ እንሠለጥናለን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሥራው እስካሁን በበቂ አልመለሰውም። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ ኦቲዝም ባላቸውና በሌላቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን እንጂ የኦቲዝም ሰው ጉድለት ብቻ አይደለም። እኔ የወሰድኳቸው ሁለት ለውጦች አሉ፦ ዓይን ለዓይን ማየትንና እጅ ማርገብገብ ማቆምን ከዕቅዴ አውጥቻለሁ፤ ልጁ ብቻውን መጫወት ሲፈልግ «አሁን አልፈልግም» ማለትንም እንደ አንድ ክህሎት አስተምራለሁ። የግቢውን ልጆች ማሠልጠን ግን፣ ልክ ነህ፣ ገና አልጀመርነውም፤ በቅርቡ ለመሞከር የማስበው ልጁ ቦታ ሲጠይቅ ከልጆቹ መካከል ለአንዱ «ና፣ ከእኔ ቀጥሎ ነህ» ማለትን በማስተማር ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)፦ በአቅራቢያችን ቡድን የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አንድ የጎረቤት ልጅ ይበቃል። ታጋሽ የሆነና የእርስዎ ልጅ የሚወደውን ጨዋታ የሚወድ ልጅ ይምረጡ፤ እናቱን አስፈቅደው በሳምንት አንድ ቀን ለ40 ደቂቃ ያህል ወደ ቤት ይጥሩት። ጨዋታው አስቀድሞ ይወሰን፣ የሚያልቅበት ሰዓትም ለሁለቱም ይነገር። ከመሰልቸታቸው በፊት ያስቁሟቸው።