የ2024 የአዲስ አበባ ኪራይ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር ይቀየራል?

«ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለውን ኮንዶሚኒየሜን በወር 30,000 ብር አከራይቻለሁ። ተከራዩ የስድስት የስድስት ወር ነው የሚከፍለው፣ ለ2024 ጥር 2 እና ሐምሌ 15 ቀን 2016 ከፍሏል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ቧንቧና የውሃ ታንከር አሳድሼ 80,000 ብር ወጥቷል። ለአሜሪካ ታክስ የዛሬውን ምንዛሪ ልጠቀም ወይስ የዓመቱን አማካይ? ደረሰኞቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።»

እህቴ፣ የዛሬውን ተይው። አማካዩንም ለ2024 ተይው። ብሩ የገባበትን ቀን ምንዛሪ ለገቢው፣ ብሩ የወጣበትን ቀን ምንዛሪ ለወጪው ተጠቀሚ። እኔም እንዳንቺ አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት አለኝ። በዚሁ በ2024 ሪተርን ስለተቸገርኩበት በደንብ ላስረዳሽ።

አይአርኤስ የራሱ የሆነ «ኦፊሴላዊ ምንዛሪ» የለውም። የሚለው ነገር ቀላል ነው፦ ገንዘቡን በተቀበልሽበት ወይም በከፈልሽበት ቀን የነበረውን ምንዛሪ ተጠቀሚ፣ በይፋ ከሚወጣ ምንጭ ውሰጂ፣ ምንጭሽን ደግሞ አትቀያይሪ። በድረ ገጹ የዓመት አማካይ የሚያወጣላቸው ገንዘቦች አሉ፣ ብር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ አማካይ የምትጠቀሚ ከሆነ ራስሽ ከሌላ ቦታ ያመጣሽው ነው የሚሆነው።

አማካይ ችግር የማይፈጥረው ገቢው በየወሩ እኩል ሲመጣና ምንዛሪውም ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። 2024 ለብር እንደዚያ ያለ ዓመት አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ማለትም ጁላይ 29፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። አርብ ዕለት ንግድ ባንክ 57.48 ብር ይል የነበረው ሰኞ 74.73 ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ ከ120 ብር በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ ደባልቀሽ አንድ አማካይ ብታወጪ፣ የሚመጣው ቁጥር አንቺ ብር የተቀበልሽበትን አንድም ቀን አይወክልም።

ያንቺን ነገር በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲቀል ምንዛሪዎቹን አጠጋግቻለሁ፣ አንቺ የየቀኑን ትክክለኛ ቁጥር ታስገቢያለሽ። የጥር 2ቱ 180,000 ብር በ56 ሲካፈል 3,214 ዶላር ነው። የሐምሌ 15ቱ 180,000 ብር በ57.5 ሲካፈል 3,130 ዶላር ነው። ሁለቱም ክፍያ የገባው ብር ከመውደቁ በፊት ነው፣ ሁለተኛው እንዲያውም በአንድ ሳምንት ብቻ ቀድሞ። ድምሩ 6,344 ዶላር ገቢ ነው። የዓመቱን አማካይ 80 ብር ብለሽ ብትይዢ ኖሮ 4,500 ዶላር ይመጣልሽ ነበር። ወደ 1,850 ዶላር ገቢ ሳትሪፖርት ትቀሪ ነበር ማለት ነው።

«ግን የሐምሌው ክፍያ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ኪራይ የሚሸፍን ነው» ልትዪ ትችያለሽ። እኔም ብያለሁ። አይሠራም። በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ገቢ የሚሆነው በተቀበልሽበት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ምንዛሪውም የዚያን ቀን ነው። ብሩ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው መውደቁ ያሳዝናል፣ የኪራዩን ገቢ ግን አይቀንሰውም። ሌላም ነገር አለ። ኪራዩን የሚቀበልልሽ ወንድምሽ ወይም ዘመድ ከሆነ፣ የሚቆጠረው እሱ የተቀበለበት ቀን ነው። ወደ አንቺ የላከበት ቀን ወይም አንቺ ለእረፍት ሄደሽ ያወጣሽበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ጋ ነው። ጣሪያ አስጠግኜ 43,000 ብር የከፈልኩበት ደረሰኝ ላይ ቀኑ በእጅ «05/12/2016» ተብሎ ተጽፏል። ነሐሴ 5 ማለት ነው። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ግን ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ አነበበው። አሜሪካ ውስጥ ለኖረ ሰው ቁጥሩ ሌላ ምንም አይመስልም። የዚያን ቀን ምንዛሪ ፈልጎ 21 ብር ተኩል አካባቢ አገኘ። 43,000 ብር 2,000 ዶላር ሆነ! በትክክለኛው ቀን፣ ዶላር 100 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ 430 ዶላር ነው መሆን ያለበት። እሱ «2016» የሚለውን አይቶ ደረሰኙ የድሮ ነው ብሎ መጠየቅ ነበረበት፣ እኔም ደረሰኙን ሳልተረጉም መላክ አልነበረብኝም። ሪተርኑ ከገባ በኋላ ስላየሁት በፎርም 1040-ኤክስ አስተካክዬ፣ የጎደለውን ታክስ ከነወለዱ ከፈልኩ።

ያንቺም የነሐሴ ደረሰኝ «10/12/2016» ዓይነት ከሆነ ኦክቶበር 12 ቀን 2016 ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። ያኔ ዶላር 22 ብር አካባቢ ነበር። 80,000 ብርሽ ከ3,600 ዶላር በላይ ሆኖ ይመጣል፣ በትክክለኛው ቀን ግን ወደ 800 ዶላር ነው። ለ2024 ስትሠሪ ከ55 ብር በታች የሆነ ምንዛሪ ካየሽ ቀኑ ተሳስቷል ማለት ነው። እዚያው ቁሚና ደረሰኙን እንደገና እዪው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንዛሪ አትፈልጊ። መጀመሪያ ቀኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪ። ጥር 2 ቀን 2016 ጃንዋሪ 11 ቀን 2024 ነው። ሐምሌ 15 ጁላይ 22 ነው። ነሐሴ 10 ኦገስት 16 ነው። በአእምሮሽ የምትቆጥሪ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ፦ የ2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። እስከ የካቲት ድረስ ያሉት ቀኖች ከሌላው ጊዜ በአንድ ቀን ይገፋሉ። ጥር ላይ አንድ ቀን ምንዛሪውን ያን ያህል አይለውጠውም። በየዕለቱ ይዘል በነበረበት በነሐሴ ግን ይለውጠዋል።

ቀኖቹ ከተስተካከሉ በኋላ ምንዛሪውን ከአንድ ቦታ ብቻ ውሰጂ። ብሔራዊ ባንክም ንግድ ባንክም የየዕለቱን ያወጣሉ። ከሐምሌ 22 በፊት የትኛውንም ባንክ ብታዪ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ፣ በአንድ ቀን ሁለት ባንክ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ታገኛለሽ። አንዱን ምረጪና ለሁሉም መስመር እሱን ተጠቀሚ። መግዣና መሸጫ የሚል ሁለት ዓምድ ታያለሽ። ለገቢው ከፍ ያለውን፣ ለወጪው ዝቅ ያለውን መምረጥ ያጓጓል፣ ታክሱን ስለሚቀንስ። አታድርጊው። ወጥ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ የሁለቱን መሃል ነው የምይዘው።

የእኔ ነሐሴ 5 እሁድ ነበር የዋለው፣ በዚያ ቀን የወጣ ምንዛሪ የለም። ከዚያ በፊት መጨረሻ ላይ የወጣውን ያዝኩና ከጎኑ «እሁድ፣ የቀደመው የሥራ ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ቀኑ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አንስቼ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጫለሁ። የባንክ ድረ ገጽ ሲታደስ የድሮ ገጾች የሚጠፉበት ጊዜ ስላለ ይህን ባትዘልዪው ጥሩ ነው።

የጥቁር ገበያውን ነገር የሚያነሳ አይጠፋም፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ስለሆነ። ከሐምሌ በፊት በመንገድ ዋጋና በባንክ ዋጋ መካከል እጥፍ ልዩነት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በመንገዱ ዋጋ ብትቀይሪው ገቢሽ ግማሽ ይሆናል። ነገር ግን ያ ዋጋ በይፋ የትም አልወጣም። አንድ ሰው «ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው?» ቢልሽ የምታሳዪው ወረቀት የለም። የባንኩን ያዢ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ስለማያውቀውና ስለሚጠቅምሽ ነገር። ለቤቱ በየዓመቱ የምትቀንሺው የእርጅና ተቀናሽ፣ ዲፕሪሲዬሽን፣ የሚሰላው በ2024 ምንዛሪ አይደለም። ቤቱን በገዛሽበት ቀን ምንዛሪ ነው። ለምሳሌ በ2004 ዓ.ም. 850,000 ብር የከፈልሽበት ቤት ከሆነ፣ ያኔ ዶላር 17 ብር አካባቢ ስለነበር ወጪሽ 50,000 ዶላር ነው። በ2024 መጨረሻ ምንዛሪ ብታሰሊው ግን 7,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። ብር መውደቁ ያኔ ያወጣሽውን ዶላር አይቀንሰውም። በየጊዜው የከፈልሽ ከሆነ እያንዳንዱን ክፍያ በራሱ ቀን ለብቻው ቀይሪ። እዚያ ያለውን የግዢ ውል አስፈልጊና የቀኑን ጉዳይ እንደ ደረሰኞቹ አጣሪው። ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈልሽው የኪራይ ግብር ካለም እሱን የምትቀይሪው በከፈልሽበት ቀን ነው።

የውጭ አገር የባንክ ሒሳብ በሚገለጽበት ሪፖርት፣ በኤፍባር ላይ ግን ሕጉ ሌላ ነው፣ አታደባልቂው። በውጭ አገር ባንክ ያለሽ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ወቅት እንኳ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር ትሞያለሽ። እዚያ የሚሠራው የቀኑ ምንዛሪ አይደለም። በዓመቱ ከፍተኛ የነበረውን ሒሳብ በብር ትወስጂና የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዲሴምበር 31 ባወጣው ምንዛሪ ትቀይሪዋለሽ። ብር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ጁላይ ላይ 600,000 ብር ባንክ ነበረሽ እንበል። በዚያ ቀን ምንዛሪ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር፣ በዲሴምበር 31 ምንዛሪ ግን 5,000 አይሞላም። ለኤፍባር የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። በሌላ አገር ያለሽ ሌላ ሒሳብ ካለ ግን ተጠንቀቂ፦ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሁሉ አብረው ይደመራሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉት አይገቡበትም።

የሐምሌ 15ቱን ክፍያ የባንክ ማስረጃ ዛሬውኑ አስልኪ። ከለውጡ በሰባት ቀን ብቻ ስለሚቀድም፣ ገንዘቡ በትክክል የገባበት ቀን ከሐምሌ 22 በኋላ ሆኖ ከተገኘ 3,130 ያልነው ዶላር ወደ 2,400 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።