ፓስኪ ያለበት ስልክ ቢሰረቅስ?

«ጂሜሌን በፓስኪ ነው የምከፍተው። አንድሮይድ ስልኬ ቢሰረቅ አካውንቴም አብሮ ሄደ ማለት ነው?»

አልሄደም። ፓስኪ በፓስወርድ ፋንታ ስልክህ ውስጥ የሚቀመጥ ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው፤ ያለ ስክሪን መክፈቻህ አይሠራም፤ ሌባው ፒንህን ካላየ ምንም አያደርግበትም። ፓስኪዎችህ ተመስጥረው በጉግል ፓስወርድ ማናጀር ባክአፕ ይደረጋሉ። አዲስ ስልክ ላይ በጉግል አካውንትህ ገብተህ የድሮውን ስልክ ፒን ስታስገባ ይመለሳሉ። በጣት አሻራ ብቻ ስትከፍት ከርመህ ፒኑን እንዳትረሳው!

ጣጣው ያ የመጀመሪያው መግቢያ ላይ ነው። የጉግል ፓስኪህም እዚያው የተቆለፈው ባክአፕ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የጉግል ፓስወርድህን አትርሳ። ከፓስወርዱ ቀጥሎ የምትጠየቀው ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ ከሆነ ደግሞ ሲሙም አብሮ ሄዷል፤ ምትክ ሲም እስክታወጣ ትጠብቃለህ። እኔ በኤስኤምኤሱ ፋንታ የሚያገለግሉትን የጉግል ባክአፕ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። እንደገባህ የተሰረቀውን ስልክ ከአካውንትህ አስወጣው።