የጡት ናሙናው መሃል ለምን ይቦረቦራል? የቲሹ ላብራቶሪ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጡት ናሙና ማይክሮቶም ላይ ስቆርጥ ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ መሃሉ እየተቦረቦረ ይወድቃል። ብሎኩን በረዶ ላይ ባቆየውም ያው ነው። ምላጩ ይሆን?

መልስ፦ ምላጭ ቢሆን ጭረት ይተው ነበር። መሃሉን በጣትሽ ንኪው፤ ከሰመጠና ከለሰለሰ ሰም አልገባበትም። ስትከትቺው ውፍረቱ ስንት ነበር?

ጥያቄ፦ ወደ 8 ሚሊሜትር፤ ካሴቱ በግድ ነው የተዘጋው። ግን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሙሉው ጡት ፎርማሊን ውስጥ አድሯል፤ አይበቃም?

መልስ፦ ሳይከፈት ካደረ አይበቃም። ፎርማሊን ስብ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከገባም በኋላ ፕሮቲኑን ለማሰር ጊዜ ይፈልጋል። ጡቱ እንደመጣ ይሰንጠቅ፤ ፎርማሊኑም ቢያንስ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። ለካሴት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይበቃል።

የወፈረ ቁራጭ ውስጥ አልኮሉ ውሃውን ጨርሶ አያወጣም። ዛይሊን ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ዛይሊን ያልደረሰበት ቦታ ሰም አይገባም። አሁን ብሎኩን አቅልጪ፣ በዛይሊን ሰሙን አውጪ፣ ወደ ንጹሕ አልኮል መልሺው። እዚያ ላይ አሳስተሽ ቁረጪውና በአዲስ አልኮል፣ ዛይሊንና ሰም አሳልፊው። መቁረጡ ይስተካከላል። ጥሬ ሆኖ አልኮል የገባው ሴል ግን መልኩ አይመለስም።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ኒውክለሱ ደብዛዛ ነው። ሄማቶክሲሊኑ አርጅቷል፤ ከ5 ወደ 10 ደቂቃ ማሳደግ ነው መፍትሔው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ያረጀ ሄማቶክሲሊን ያደበዝዛል። ግን ደቂቃ ከመጨመርህ በፊት በደንብ የተሠራ የቶንሲል ስላይድ አብረህ ቀባ። እሱም ከደበዘዘ ቀለሙ ነው ወይም አሲድ አልኮሉ በዝቷል። እሱ አምሮ ያንተ ብቻ ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ ከብሎኩ ነው፤ ሰዓት ብትጨምር ጭጋጉን ታጠቁረዋለህ እንጂ አታጠራውም። ኒውክለሱ ቀላ ካለ ደግሞ ኢዮሲን ሳትጀምር በቧንቧ ውሃ ሰማያዊ እስኪሆን እጠበው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከጡቷ ናሙና ተወስዶ አንድ ሳምንት ጠብቁ ተባልን። የእሷም ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በመዘግየቱ ብቻ ተበላሽቷል አይባልም። የመርፌ ናሙና ቀጭን ስለሆነ ይሄ ችግር ብዙም አይገጥመውም። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ወረፋ ወይም ተጨማሪ ቀለም ነው። ደውለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ለሆርሞን ምርመራ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይላሉ። እኛ ጋ ሰኞ ገብቶ ዓርብ የወጣ ናሙና የኢስትሮጅን ሪሴፕተሩ ጥሩ ቀለም ይዟል። ሕጉ አልበዛም?

መልስ፦ ቀለም ሲይዝማ ማን ይጠራጠራል! ጭንቁ ባዶ ሲወጣ ነው፤ ሪሴፕተሩ የለም ወይስ ፎርማሊኑ ሸፈነው? እዚያው ስላይድ ላይ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦ ቀለም ከያዘ ውጤቱን ለማመን እደፍራለሁ። እሱም ባዶ ከሆነ ሌላ ብሎክ ፈልግ። ከ72 ሰዓት በላይ ስንት ቀን ይታለፋል በሚለው ግን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።