ዕጣው መጨረሻ ላይ እንዳይጣበቅ

«16 ቡድን፣ 4 ቋት፣ 4 ምድብ አለን። የአንድ ሰፈር ልጆች አንድ ምድብ እንዳይገቡ ብለን ዕጣ ስናወጣ የመጨረሻው ቡድን የሚገባበት ጠፋ። የት ተሳሳትን?»

ወንድሜ፣ ያበላሸው «መጀመሪያ ክፍት የሆነው ምድብ ይግባ» የሚለው አሠራር ነው። እኛም ፒያሳ ላይ ስናወጣ ይሄው ደርሶብናል።

አራተኛው ቋት ላይ ደረስን እንበል። የፒያሳ ቡድኖች በምድብ ለ፣ ሐ እና መ አሉ። ቋቱ ውስጥ ደግሞ አንድ የፒያሳ ቡድን ቀርቷል። መጀመሪያ የካዛንቺስ ወረቀት ወጣ። ምድብ ሀ የካዛንቺስ ቡድን ስለሌለው እዚያ ተጻፈ። በቃ፣ አለቀ! ለፒያሳው የሚሆነው ሀ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲወጣ ቶሎ አትጻፉት። «ይሄ እዚህ ቢገባ የቀሩት ሁሉ ቦታ ያገኛሉ?» ብላችሁ ቋቱን እዩ። ካላገኙ ወደሚቀጥለው ምድብ እለፉ። ካዛንቺስ ለ ይገባል፣ ሀ ለፒያሳ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ሰፈር ለብቻው መቁጠር ግን አይበቃም። ሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ሀን ብቻ የሚጠብቁ ከሆነም ተጣብቃችኋል። የዓለም ዋንጫ ዕጣ ላይ አንዳንዴ ክፍት የሚመስል ምድብ የሚታለፈው ለዚህ ነው።

ከአንድ ሰፈር 5 ቡድን ካለ ግን ምንም ዘዴ አያድናችሁም፤ ምድቡ 4 ነው። ያኔ ለዚያ ሰፈር ብቻ በአንድ ምድብ እስከ 2 ፍቀዱ። በ2022 የዓለም ዋንጫ 13 የአውሮፓ ቡድኖች ለ8 ምድብ የተደለደሉት እንዲህ ነው። ይህን ግን ወረቀቱ ሳይወጣ ለሁሉም አሰልጣኞች ተናገሩ።